ስልክ ውሃ ከገባበት ሩዙን ተዉት

«ስልኬ ባልዲ ውስጥ ወድቆ አወጣሁት። እስካሁን ይሠራል። ሩዝ ውስጥ ለስንት ሰዓት ላቆየው?»

ወንድሜ፣ ሩዙን ተወውና አሁኑኑ አጥፋው። ይሠራል ማለት ተርፏል ማለት አይደለም። ስልኩን የሚጨርሰው ውሃ ባለበት ኤሌክትሪክ ሲዞርበት ነው። በርቶ በቆየ ቁጥር የቦርዱ ብረት እየተበላ ይሄዳል።

1. ካጠፋኸው በኋላ «ልየው እስቲ» ብለህ አታብራው። ቻርጀርም አትሰካ።

2. ከቨሩን አውልቅ፣ ሲሙን ከነማስቀመጫው አውጣ። ሲሙ በሚገባበት ቀዳዳ ውስጥ ብዙ ስልኮች ትንሽ ነጭ ምልክት አላቸው። ቀይ ከሆነ ውሃው ውስጥ ደርሷል። የቻርጀር ቀዳዳውን ወደ ታች አዙረህ በመዳፍህ ቀስ ብለህ መታ መታ አድርገው። አትነቅንቀው፣ ውሃው ወደ ውስጥ ይሄዳል። ከዚያ ነፋስ በሚያገኝበት ቦታ አስቀምጠው። ፀጉር ማድረቂያ አይሆንም፤ ሙቀቱ ሙጫውን ያላላል፣ ባትሪውንም ይጎዳል።

3. ሩዝ። እዚህ ላይ ነው የምናደደው። የእህቴ ስልክ ውሃ ገብቶበት አንድ ጥገና ቤት ወሰድነው። ሰውየው ቀና ብሎ እንኳ ሳያየን «ሩዝ ውስጥ ክተቱትና ከነገ ወዲያ ኑ» አለን። እንዳለን አደረግን፣ ስልኩ ግን አልበራም። ስንመለስ ጭራሽ «ምን ነካካችሁት?» ብሎ እኛኑ ተቆጣን! ሌላ ባለሙያ ዘንድ ሄደን ዓይናችን እያየ ከፈተው። የቻርጀር ቀዳዳው ውስጥ የሩዝ ብናኝ ከውሃው ጋር ተለውሶ እንደ ሊጥ ተጣብቋል። የቦርዱን የብረት ሽፋን ሲያነሳ ደግሞ ባትሪው የሚሰካበት ጥግ አረንጓዴ ዝገት ወርሶታል። ሩዝ ከዚያ ሽፋን ሥር ያለውን ውሃ ከየት አግኝቶ ይመጠዋል? «ሩዝ አዳነልኝ» የሚሉት ሰዎች ስልክ ጠረጴዛ ላይ ቢቀመጥም ይድን ነበር። አፕል ራሱ ስልካችሁን ሩዝ ውስጥ አታስገቡ ይላል።

በኋላ የኔም ስልክ ውሃ ውስጥ ወደቀ። ያኔ ግን ነቅቻለሁ። ወዲያው አጥፍቼ በዚያው ቀን ለዚሁ ባለሙያ ሰጠሁት። ባትሪውን ነቅሎ ቦርዱን በ99 በመቶ አይሶፕሮፒል አልኮል በለስላሳ ብሩሽ አጠበው። አልኮሉ ውሃውንም ቆሻሻውንም ያስለቅቅና ቶሎ ይተናል። ይኸው አሁን የምጽፍልህ በዚያው ስልክ ነው።

ስለዚህ ዛሬውኑ ውሰደው። የወደቀበት ውሃ ሳሙና፣ ጨው ወይም ስኳር ካለው ደግሞ ጭራሽ አታሳድረው። ከመስጠትህ በፊት «ከፍተህ ቦርዱን ታጥበዋለህ?» ብለህ ጠይቅ። «በሙቅ አየር አደርቀዋለሁ» ካለህ ስልክህን ተቀብለህ ውጣ። የደረቀ ግን ያልታጠበ ቦርድ ዛሬ ቢበራም ዝገቱ ውስጥ ውስጡን ይቀጥልና ከሳምንታት በኋላ ድንገት ሊጠፋብህ ይችላል። ታጥቦ ሲነሳልህ ከሁሉ በፊት ፎቶዎችህንና ስልክ ቁጥሮችህን ወደ ሌላ ቦታ ገልብጥ።