ከዘይቱ በፊት ታምቡሩ ይታይ

«ዶክተር፣ 34 ዓመቴ ነው። ገላዬን ከታጠብኩ በኋላ ጆሮዬን በኮተን በድ መጥረግ ልማዴ ነው። ከዘጠኝ ቀን በፊት ስጠርግ ልጄ ክንዴን ገፋኝና በጣም አመመኝ፤ ጥጡ ላይም ደም ነበረው። ከዚያ ወዲህ ቀኝ ጆሮዬ ድፍን ብሎ ሽው ይላል። እናቴ ነጭ ሽንኩርት የተቀቀለበት ዘይት ሦስት ቀን ጨመረችልኝ፤ ምንም አልተሻለኝም። ዘይቱን ልቀጥል ወይስ ከፋርማሲ ጠብታ ልግዛ?» — ሰ.፣ ከአዳማ

እህቴ፣ የሚያስጨንቅዎት ዘይቱ ሳይሆን «መስማቴ ሳይመለስ ይቀር ይሆን?» የሚለው ይመስለኛል፤ ከእሱ ልጀምር። ታምቡር በእንዲህ ያለ አደጋ ሲቀደድ አብዛኛውን ጊዜ ራሱ ይደፈናል። ቀዳዳው ትንሽ ከሆነ ጥቂት ሳምንታት ይበቁታል፤ ሁለት ሦስት ወር የሚወስድበትም አለ። መስማትም አብሮ ይመለሳል። ለዚህ ግን ጆሮው ደረቅና ንጹሕ ሆኖ መቆየት አለበት፤ የእርስዎ ጆሮ ደግሞ ሦስት ቀን ዘይት ጠጥቷል።

አንዲት ታካሚዬ በክብሪት እንጨት ጆሮዋን ስትኩክ የተከፈተ በር ክርኗን መታትና በማግስቱ መጣች። ታምቡሯ ላይ የምስር ክክ የምታህል ቀዳዳ አየሁ። ጠብታ አላዘዝኩላትም። ገላዋን ስትታጠብ ቫዝሊን የተቀባ ጥጥ በጆሮዋ አፍ ላይ ብቻ እንድታደርግ፣ አፍንጫዋን በኃይል እንዳትናፈጥና እንዳትዋኝ ነገርኳት። በስድስተኛው ሳምንት ቀዳዳው ተደፍኖ ነበር፤ የመስማት ምርመራዋም ከሌላው ጆሮዋ ጋር እኩል ሆነ። ምንም ስላልጨመረችበት ነው የዳነው ብዬ አምናለሁ።

አሁን ወደ ዘይቱ። እናትዎን አልወቅስም፤ ይህ እምነት የሚጸናበትን ምክንያት በየጊዜው አያለሁ። ሕፃን ሌሊቱን በጆሮ ሕመም ሲያለቅስ ያድራል፤ እናት ለብ ያለ ዘይት ትጨምርለታለች፤ ሊነጋ ሲል መግል ይፈስና ልጁ እንቅልፍ ይወስደዋል። «ዘይቱ መግሉን አወጣው» ይባላል። የሆነው ሌላ ነው። መግሉ የተጠራቀመው ከታምቡሩ በስተጀርባ ነው፤ ሕመሙም የግፊቱ ነው። ግፊቱ ታምቡሩን ሲቀደው መግሉ መውጫ ያገኛል፣ ሕመሙም ወዲያው ይበርዳል። ዘይት ባይጨመርም ይህ ይሆን ነበር። ታምቡሩ ደህና ከሆነ ዘይቱ ሕመሙ ያለበት ቦታ ጨርሶ አይደርስም። ከተቀደደ ግን ጀርሞችንና የሽንኩርት ፍርፋሪ ይዞ ወደ መሐል ጆሮ ይገባል። እዚያ ደግሞ ሊገባ አይገባም። በጣት ሲነኩት ለብ ያለ የመሰለ ዘይትም የጆሮን ስስ ቆዳ ሲያቃጥል አይቻለሁ። እርጥበቱ ፈንገስ ያመጣል፤ ፈንገሱ ያሳክካል፤ ያሳከከው ሰው እንደገና እንጨት ወይም ፎርሲና ያነሳል።

እኛም ደረቅ ኩክ እንዲለሰልስ ዘይት ነክ ጠብታ የምናዝበት ጊዜ አለ። ግን መጀመሪያ በመብራት አይተን ታምቡሩ ሙሉ መሆኑን ካረጋገጥን በኋላ ነው።

ከፋርማሲ ያለ ትእዛዝ ጠብታ መግዛትን በተመለከተ ቁርጥ ያለ መልሴ አይሆንም ነው! በተለምዶ የሚሸጠው ጄንታማይሲን በተቀደደ ታምቡር በኩል ወደ ውስጥ ሲያልፍ የመስማትና የሚዛን ነርቭን ሊጎዳ ይችላል። ራሱ የሚድንን ጆሮ በጠብታ ማበላሸት ያሳዝነኛል። ደም ያየ ጆሮ ይዘው ዘጠኝ ቀን ቤት መቀመጥዎም ልክ አልነበረም።

ኮተን በዱንም ያቁሙ። የጆሮ ቦይ ርዝመቱ በአዋቂ ሰው ሁለት ሳንቲ ሜትር ተኩል ያህል ብቻ ነው። ኩክ የሚሠራው ደግሞ በውጨኛው ክፍል ነው፤ ቆዳው ራሱ ቀስ እያለ ወደ ውጭ ያወጣዋል። ጥጡ ጥቂቱን ይዞ ሲወጣ የጸዳ ይመስላል፣ የቀረውን ግን ወደ ታምቡሩ ገፍቶ ይጠቀጥቀዋል። መደፈንዎ ከፊሉ ከዚህ ሊሆን ይችላል። በፎጣ ጫፍ የጆሮዎን ውጪ ማድረቅ ይበቃል።

አንድ ነገር ካለ ግን ቀጠሮ አይጠብቁ፦ ቤቱ እየዞረ የሚያስመልስ ማዞር፣ ወይም የፊት አንድ ጎን መጣመም። ከታምቡሩ ጀርባ ሦስት ትንንሽ አጥንቶች አሉ፤ የመጨረሻው በውስጠኛው ጆሮ መስኮት ላይ የተቀመጠ ነው። እንጨት ወይም ጥጥ እሱን ከገፋው የመስማት ጉዳቱ ቋሚ ሊሆን ይችላል፤ በዚያው ቀን ሆስፒታል መድረስ ያስፈልጋል። እርስዎ ማዞር አልጻፉልኝም፤ ይህ ደግ ምልክት ነው።

ዛሬ ዘይቱን ያቁሙ፣ ጆሮዎን ከውኃ ይጠብቁ፣ በዚህ ሳምንት ውስጥም ከአንገት በላይ ሐኪም ዘንድ ይቅረቡ። በአካባቢዎ ከሌለ ጤና ጣቢያ ሄደው ጆሮዎ በመሣሪያ ይታይ። ውኃ ተረጭቶ ይታጠብ ካሉዎት ስለ ደሙ አስቀድመው ይንገሯቸው፤ የተቀደደ ጆሮ አይታጠብም። ሽታ ያለው ፈሳሽ ወይም ትኩሳት ከጀመረ ግን ሳምንቱን አይጠብቁ፣ በማግስቱ ይሂዱ።