ባንኩ ቢከስር ገንዘባችን እስከ ስንት ይመለሳል?

ጥያቄ፦ «እኛ ያለነው ሜሪላንድ ነው። ከባለቤቴ ጋር ጆይንት ሒሳብ 420 ሺህ ዶላር አለን፤ ቤት ሸጠን ነው። እሱ ደግሞ በስሙ ብቻ ሴቪንግ ላይ 180 ሺህ፣ በጊዜ ገደብ በሚቀመጠው ሲዲ ላይ 110 ሺህ አለው። ሁሉም አንድ ባንክ ነው። እሱ የእድራችን ገንዘብ ያዥ ስለሆነ የእድሩም 380 ሺህ እዚያው ነው ያለው። ባንኩ ቢከስር 250 ሺህ ብቻ ነው የሚመለሰው ይላሉ። እውነት ነው?»

እህቴ፣ እኔ ባንክ ቤት ስሠራ ብዙ ሐበሻ ደንበኞች ይህንኑ ሲጠይቁኝ ኖሬያለሁ። የእድር ኮሚቴም ውስጥ ስለነበርኩ በሁለቱም በኩል አውቀዋለሁ። የሰማሽው ግማሹ እውነት ነው። ኤፍዲአይሲ የሚባለው የመንግሥት መድን 250 ሺህ ዶላር ይሸፍናል። ግን የሚቆጥረው በቤተሰብ አይደለም፣ በሒሳብ ቁጥርም አይደለም። የሚቆጥረው ለአንድ ሰው፣ በአንድ ባንክ፣ በአንድ የባለቤትነት ዓይነት ነው። ሦስተኛዋን ነው ሰው የሚረሳት።

በአንድ ሰው ስም ብቻ ያለ ገንዘብ አንድ ዓይነት ነው። ጆይንት ሌላ ዓይነት ነው። አይአርኤን የመሰለ የጡረታ ሒሳብ ሦስተኛ ነው። እያንዳንዱ ዓይነት የራሱ 250 ሺህ አለው፤ አንዱ ሌላውን አይነካም።

ወደ እናንተ ልምጣ። ጆይንቱ 420 ሺህ ሲሆን ለሁለት ይካፈላል። የአንቺ ድርሻ 210፣ የእሱም 210 ሺህ ነው። ሁለታችሁም ከ250 በታች ስለሆናችሁ ሙሉው የተሸፈነ ነው። ችግሩ ያለው በእሱ ስም ባለው ላይ ነው። ሴቪንግና ሲዲ የተለያየ ሒሳብ ቢሆኑም ባለቤቱ አንድ ስለሆነ ይደመራሉ። 180 እና 110 ሲደመር 290 ሺህ ይመጣል። 40 ሺሁ ያለ ሽፋን ነው ያለው። ወለዱም እስከ ባንኩ መዘጊያ ቀን ድረስ ስለሚቆጠር፣ ልክ 250 ላይ አድርሶ መተውም ጥሩ አይደለም።

ቀላሉ መፍትሔ 40 ሺሁንና ትንሽ ጨምሮ ሌላ ባንክ መውሰድ ነው። ግን ሲዲውን ጊዜው ሳይደርስ ከሰበራችሁት ቅጣት አለው። ልጆች ካሏችሁ ሌላ መንገድ አለ። ባንኩ ሄዶ ሲዲው ላይ ሁለት ልጆቹን ቤኔፊሺያሪ አድርጎ ያስመዝግብ። ከዚያ በኋላ ሲዲው «የአንድ ሰው ሒሳብ» ከሚባለው ወጥቶ ወራሽ ወደተሰየመላቸው ሒሳቦች ዓይነት ይገባል። እዚያ ሽፋኑ ለባለቤቱ በአንድ ወራሽ 250 ሺህ ነው። ለሁለት ልጅ 500 ሺህ ማለት ነው። ከኤፕሪል 2024 ጀምሮ በሚሠራበት ደንብ ጣሪያው አምስት ወራሽ ነው። ሴቪንጉ ብቻውን 180 ሆኖ ይቀራል፣ ሁሉም ይሸፈናል። ሽፋኑ የሚቆጠረው ግን የልጆቹ ስም የባንኩ መዝገብ ላይ ካለ ነው። ኑዛዜ ላይ መጻፉ ብቻ አይበቃም።

አንድ ነገር እግረ መንገዴን ልንገርሽ፣ ሟርት አይሁንብኝና። ከጆይንት ባለቤቶች አንዱ ቢሞት ሽፋኑ ለስድስት ወር እንደነበረ ይቀጥላል። ከዚያ በኋላ ግን 420 ሺሁ የአንድ ሰው ገንዘብ ሆኖ ይቆጠርና ከ250 በላይ ያለው ይጋለጣል። በሐዘን ላይ ያለ ሰው ይህን አያስታውስም። ቅርብ የሆነ ሰው ቢያውቀው ጥሩ ነው።

ባንክ ሲከስር በተግባር ምን ይሆናል? ብዙ ጊዜ ዓርብ ማታ ተቆጣጣሪው ይዘጋዋል። ኤፍዲአይሲ ይረከብና ቅዳሜና እሑድ ለሌላ ባንክ ያስረክበዋል። ሰኞ ቅርንጫፉ በአዲስ ባለቤት ይከፈታል፤ ካርድሽም ቼክሽም አብዛኛውን ጊዜ መሥራቱን ይቀጥላል። የሚገዛ ባንክ ከጠፋ ኤፍዲአይሲ ራሱ የተሸፈነውን ይከፍላል፤ ይህም ቀናት እንጂ ወራት አይፈጅም። ማመልከቻ ማስገባት አያስፈልግም። ዜግነትም አይጠየቅም።

ከጣሪያው በላይ ያለው ገንዘብ ላይ ነው ጣጣው። በማርች 2023 ሲሊከን ቫሊ ባንክ ሲወድቅ ከ250 ሺህ በላይ የነበራቸውም ሙሉ ስለተከፈላቸው፣ ብዙ ሰው «መንግሥት ሁሌም ይከፍላል» ብሎ ተጽናንቷል። ያ ግን ለአገር የባንክ ሥርዓት ያሰጋል ተብሎ ለብቻው የተወሰነ ነው። በኦክቶበር 2024 ኦክላሆማ ውስጥ ሊንዚ የምትባል ከተማ ያለ ትንሽ ባንክ ሲዘጋ ያልተሸፈነ ገንዘብ የነበራቸው በመጀመሪያ ያገኙት ግማሹን ነው። ለቀሪው ደረሰኝ ይሰጣቸዋል፤ የባንኩ ንብረት ሲሸጥ ከተገኘው ቀስ እያለ ይከፈላል። ጊዜ ይፈጃል፣ ሙሉ ላይሆንም ይችላል።

አክሲዮን፣ ሚውቿል ፈንድ፣ ክሪፕቶ፣ አኑዊቲ፣ የባንክ ሳጥን ውስጥ ያለ ወርቅ አይሸፈኑም፤ ባንኩ ራሱ ቢሸጥልሽም ቢያስቀምጥልሽም። አጭበርባሪ ከሒሳብሽ ቢወስድም ኤፍዲአይሲ አይመለከተውም። ክሬዲት ዩኒየን ከሆነ መድኑ ኤንሲዩኤ ነው፤ መነሻው ያው 250 ሺህ ነው። ስልክ ላይ ብቻ ያለ መተግበሪያ ከሆነ ግን ጠንቀቅ በይ። መድኑ የሚሠራው ገንዘቡን የያዘው ባንክ ሲከስር እንጂ መተግበሪያውን የሚያንቀሳቅሰው ኩባንያ ሲከስር አይደለም። ሌላ ባንክ መረጥኩ ስትዪም ስሙ ተለይቶ ባለቤቱ ያው ባንክ ሊሆን ይችላል። ኤፍዲአይሲ ድረ ገጽ ላይ BankFind በሚለው ቦታ አጣሪ።

አሁን ወደ እድሩ። እኔን የበለጠ ያሳሰበኝ እሱ ነው። ሰው «አባሎቻችን ሁለት መቶ ናቸው፣ ስለዚህ ሁለት መቶ ጊዜ 250 ሺህ ይሸፈናል» ይላል። አይደለም። በራሱ ስምና በራሱ የታክስ ቁጥር ሒሳብ የከፈተ ማኅበር እንደ አንድ ባለቤት ነው የሚታየው። የአባላት ብዛት ምንም አይጨምርም። ከ380 ሺሁ 130 ሺሁ ያልተሸፈነ ነው። «ለቀብር» እና «ለመጠባበቂያ» ብላችሁ ሁለት ሒሳብ ብትከፍቱም ይደመራሉ። ደጉ ነገር ከአባላቱ የግል ገንዘብ ጋር አለመደመሩ ነው።

ከዚህ የባሰው፣ እኔም በዓይኔ ያየሁት፣ እድሩ ሳይመዘገብ በሊቀ መንበሩና በገንዘብ ያዡ ስም ሒሳብ ሲከፈት ነው። ባንኩ መዝገብ ላይ የእድሩ ስም ከሌለ ኤፍዲአይሲ የሁለቱ ሰዎች ጆይንት አድርጎ ሊወስደው ይችላል። ባለቤትሽ እንዲህ ከሆነ ከእድሩ 190 ሺህ የእሱ ድርሻ ይባላል። ካንቺ ጋር ካለው 210 ጋር ሲደመር 400 ሺህ ይሆናል፤ 150 ሺሁ ይጋለጣል። ያኔ የእናንተ ቤት ገንዘብና የእድሩ ገንዘብ ተደባልቆ ኪሳራው በማን ላይ ይውደቅ የሚል ክርክር ይነሳል።

ስለዚህ በዚህ ሳምንት ባለቤትሽ ባንኩን የእድሩ ሒሳብ በማን ስም እንደተከፈተ የሚያሳይ ወረቀት ይጠይቅ። በእድሩ ስም ከሆነ በሚቀጥለው ስብሰባ ያቅርበውና 150 ሺህ ያህል ወደ ሌላ ባንክ ይሂድ፤ ወለድም ቢጨመር ቦታ ይኖረዋል። በግለሰቦች ስም ከሆነ ግን መጀመሪያ እድሩ ይመዝገብና ሒሳቡ ይዛወር፣ ክፍፍሉ ከዚያ በኋላ ነው።