የአማራ ክልል ስፋት፦ ሁለት ቁጥር ለምን?

«ደሴ ሆኜ የመመረቂያ ጽሑፍ እያዘጋጀሁ ነው። የአማራ ክልልን ስፋት አንዱ የስታቲስቲክስ ኅትመት 159,173.66፣ ሌላው 154,708.96 ካሬ ኪሎ ሜትር ይላል። ለምን ተለያዩ?»

ዋናው ምክንያት የተለካው መሬት በአንድ ዓይነት የወሰን መስመር አለመከለሉ ይመስለኛል። ልዩነቱ 4,465 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ ክቡን ምድር ወደ ጠፍጣፋ ገጽ በሚለውጠው በተለመደው የዩቲኤም ካርታ ላይ በመለካት የሚፈጠረው መዛባት ግን ለዚህ ክልል ከጥቂት መቶ ካሬ ኪሎ ሜትር አያልፍም። 3,000 ያህል የሚሆነው የጣና ሐይቅ በአንዱ ተቆጥሮ በሌላው ቢቀር እንኳ ክፍተቱ አይሞላም። የክልሎች ወሰን በአብዛኛው በምድር ላይ በምልክት ስላልተከለለ፣ መስመሩ በረጅም ርቀት ላይ በጥቂቱ ሲዛወር ብዙ መሬት ይገባል ወይም ይወጣል፤ ከነጥቡ በኋላ ያሉት ሁለት አሃዞችም ስሌቱን እንጂ የወሰኑን እርግጠኝነት አያሳዩም።

አንድ ነገር ይጠንቀቁ፦ የሕዝብ ጥግግት ሲያሰሉ የሕዝቡን ቁጥርና ስፋቱን ከአንድ ኅትመት ይውሰዱ። አዲስ ካርታ ከተጠቀሙ ደግሞ አወዛጋቢዎቹን ወልቃይትንና ራያን በየትኛው ክልል እንዳስቀመጠ አይተው በጽሑፍዎ ይግለጹ፤ አለዚያ የአንዱ ወሰን ሕዝብ ለሌላው ወሰን መሬት ይካፈላል።