ለቀድሞ አለቃ ስለሚጻፍ ኢሜይል

«ፒኤምፒ ለሚባለው የፕሮጀክት አስተዳደር የሙያ ምስክር ወረቀት ላመለክት ነው። ከመሥሪያ ቤቱ ከለቀቅኩ ቆይቻለሁ። የቀድሞ አለቃዬ ልምዴን እንዲያረጋግጡልኝ በኢሜይል ምን ብዬ ልጻፍላቸው?»

ማመልከቻውን ከማስገባትህ በፊት ጻፍላቸው። ምስክር ወረቀቱን የሚሰጠው ተቋም ፒኤምአይ አንዳንድ ማመልከቻዎችን በዕጣ መርጦ ኦዲት ያደርጋል። ዕጣው ከወጣብህ ማስረጃ ለማቅረብ 90 ቀን ይሰጥሃል። ያኔ አለቃህን ፍለጋ መሯሯጥ ራስ ምታት ነው።

«ልምዴን ያረጋግጡልኝ» ብቻ ብለህ እንዳትልክ። ሰውየው የትኛውን ፕሮጀክት ያስታውሱ? ማመልከቻው ላይ የምትሞላውን ራሱን ላክላቸው፦

«ጤና ይስጥልኝ አቶ እገሌ። ለፒኤምፒ ፈተና እያመለከትኩ ነው። በእርስዎ ሥር የመጋዘን ግንባታውን ከጃንዋሪ እስከ ዲሴምበር 2021፣ የቢሮ እድሳቱን ከኦክቶበር 2021 እስከ ማርች 2022 መርቻለሁ። መርሐ ግብርና በጀት አዘጋጅ፣ ሥራ ተቋራጮቹንም እከታተል ነበር። የተሳሳተ ነገር ካለ ቢያርሙኝ፣ ከተስማሙ ደግሞ ስምዎንና ኢሜይልዎን በአረጋጋጭነት ባስገባ ደስ ይለኛል።»

«ቢያርሙኝ» የምትለዋን አትተዋት። አለቃህ የሚያረጋግጡት የሚያውቁትን ብቻ ነው፤ ልዩነቱ አሁን ቢወጣ ይሻላል።

ቀኖቹን ልብ በል። 12 እና 6 ወር ተደምሮ 18 አይሆንም። ሦስቱ ወራት ስለሚደራረቡ የሚያዝልህ 15 ብቻ ነው። በዲግሪ ለሚያመለክት ደግሞ የሚፈለገው 36 ወር ነው። ሌላው ጣጣ የዘመን አቆጣጠር ነው። የሥራ ልምድ ደብዳቤህ 2013 እያለ ኢሜይልህ 2021 ቢል አለቃህ ግራ ይጋባሉ። ኢሜይሉ ላይ ሁለቱንም ጻፍ፤ ማመልከቻው ላይ ግን የፈረንጁን ብቻ።