ከመዝገብ ላይ ስም ስናጠፋ አንቀፁ አብሮ እንዳይጠፋ

ጥያቄ፦ «ሰላም ናችሁ፣ በህፃናት ላይ የተፈፀመ ወሲባዊ ጥቃት መዝገቦችን ለስልጠና እያጠቃለልኩ ነው። ስምና አድራሻ አጥፍተሽ አምጪ ተብያለሁ፣ ሳጠፋው ግን ጉዳዩ ራሱ አይገባም። እናንተ እንዴት ነው የምትሰሩት?»

እህቴ፣ እኔ ነፃ የህግ ድጋፍ የሚሰጥ ቢሮ ውስጥ ይሄን ስራ ስሰራ ቆይቻለሁ፣ ስም ከማጥፋቴ በፊት የማደርገው ነገር አለ። ክሱ የቀረበበትን አንቀፅ ከፍቼ ፍርዱ የቆመው በየትኞቹ ፍሬ ነገሮች ላይ እንደሆነ በወረቀት እፅፋለሁ። ከዛ በኋላ ነው መዝገቡን የምነካው፣ ምክንያቱም ልጅቷን የሚያሳውቀው ነገር ብዙ ጊዜ አንቀፁን የሚሸከመውም እሱው ነው።

ለማሳያ የፈጠርኩትን ጉዳይ ልስጥሽ። ሰው ቤት ተቀጥራ የምትሰራ ልጅ፣ መስከረም 5 ቀን 2002 የተወለደች፣ አሰሪዋ ነሐሴ 10 ቀን 2014 እና ህዳር 12 ቀን 2015 ግብረ ስጋ ፈፅሞባታል ተብሎ ተከሷል። አሁን ቀኖቹን በሙሉ አጥፍተሽ «13 ዓመት አካባቢ የሆናት ልጅ» ብትይ ማጠቃለያው ሞተ ማለት ነው። በወንጀል ህጉ 13 ዓመት ካልሞላት አንቀፅ 627 ነው፣ ከ13 እስከ 18 ከሆነች ደግሞ 626፣ ቅጣቱም የመጀመሪያው ከ13 እስከ 25 ዓመት ሲሆን ሁለተኛው በመነሻው ከ3 እስከ 15 ነው። የዚች ልጅ ጉዳይ ድንበሩ ላይ ነው ያለው። ስለዚህ ቀኑን አውጪና እድሜውን ራስሽ አስልተሽ አስገቢ፦ «የመጀመሪያው ድርጊት 12 ዓመት ከ11 ወር ሆኗት፣ ሁለተኛው 13 ዓመት ከ2 ወር ሆኗት ተፈፀመ»። እድሜዋ የተረጋገጠው በልደት ካርድ ይሁን በሆስፒታል የእድሜ ምርመራ እሱንም አትተይው፣ ክርክሩ እዛ ላይ ሊሆን ስለሚችል። የሆስፒታሉ ስም ግን ምንም አያስፈልግም።

ዝምድናም ላይ እንደዛው ነው። ብዙ ሰው አሰሪውን «አንድ ግለሰብ» ብሎ ያልፈዋል፣ በ626 ግን የቤት ሰራተኛው መሆኗ ራሱ ቅጣቱን የሚያከብድ ነገር ነው፣ «ግለሰብ» ስትይ እሱን ሰረዝሽው። «አሰሪዋ የሆነው ተከሳሽ» ብለሽ ፃፊ፣ ሰፈሩን፣ የስራ ቦታውንና ማዕረጉን አውጪ። በተለይ ትንሽ ከተማ ከሆነ «የከተማው የባንክ ስራ አስኪያጅ» ማለት ስሙን ከመፃፍ አይለይም። የተከሳሹ ስም ደግሞ ቢፈረድበትም ይደበቅ፣ እሱ ከታወቀ ቤቱ ስትሰራ የነበረችው ልጅ ወዲያው ትታወቃለች፣ አባት ከሆነማ ስሙ የልጅቷ ስም አካል ነው።

በስም ፋንታ የስም የመጀመሪያ ፊደላትን አትጠቀሚ፣ የሚያውቃት ሰው ወዲያው ይገባዋል። ሚናቸውን ስጫቸው፣ «ተበዳይ»፣ «ተከሳሽ»፣ «ምስክር ሀ»፣ «ምስክር ለ»፣ እና ከመጀመሪያው ገፅ እስከ መጨረሻው አንድ ሰው አንድ መጠሪያ ብቻ ይኑረው። እናትየው አንድ ቦታ «አቤቱታ አቅራቢ» ሌላ ቦታ «ምስክር ሀ» ከተባለች አንባቢው ሁለት ሰው ነው የሚመስለው፣ ያኔ የአንድ ሰው ቃል ሁለት ማስረጃ ሆኖ ይቆጠራል!

ዎርድ ላይ ፈልገሽ በአንዴ መተካት ደግሞ በአማርኛ አይታመንም። ሐና በአንዱ ገፅ ሀና ተብላ ትፃፋለች፣ «ለአበበ» የነበረው «ላበበ» ይሆናል፣ ፍለጋው አያገኘውም። ልጅቷ ሰላም ከሆነች ደግሞ «ቤተሰቡ በሰላም ይኖር ነበር» የሚለው «በተበዳይ ይኖር ነበር» ሆኖ ይወጣል። አንድ በአንድ እያየሽ ተኪ፣ በየሆሄው ልዩነት ፈልጊ፣ የቤት ስሟንና «እከሌ አባት» እየተባለ የሚጠራውንም ጨምሪ። የመዝገብ ቁጥሩንም አውጪውና የራሳችሁን ቁጥር ስጪው፣ ቁጥሩን የያዘ ሰው ሬጅስትራር ሄዶ ስሙን ሊያገኝ ይችላል።

ጥቁር ቀለም ብቻ መቀባት አደገኛ ነው፣ ፒዲኤፉ ውስጥ ፅሁፉ ከስር ካለ ኮፒ ተደርጎ ሌላ ቦታ ሲለጠፍ ስሙ ይወጣል። እኔ ፅሁፉን ራሱን ነው የማጠፋው፣ ትራክ ቼንጅን ዘግቼ፣ ኮሜንቱን አጥፍቼ፣ የፋይሉን ስምም ቀይሬ (የልጅቷ ስም ፋይሉ ላይ ተፅፎ የሚላክበት ጊዜ አለ፣ ያሳዝናል)። የትኛው መጠሪያ የማን እንደሆነ የሚያሳየው ዝርዝር ከማጠቃለያው ጋር በአንድ ፎልደር አይቀመጥም፣ በፓስወርድ ተዘግቶ ኃላፊው ጋ ነው የሚሆነው።

ከመላክሽ በፊት መዝገቡን ለማያውቅ ለአንድ የህግ ባለሙያ ስጪውና ከዚህ ተነስተህ በየትኛው አንቀፅና ንዑስ አንቀፅ ትከሳለህ በይው። ከፍርዱ የተለየ ከነገረሽ የሆነ ፍሬ ነገር አብረሽ አጥፍተሻል። ከዛ ደግሞ ያን አካባቢ የሚያውቅ የቢሮ ባልደረባ ያንብበው፣ «ይሄማ የእነ እንትና ጉዳይ አይደል?» ካለ የቀረ ነገር አለና በምን እንዳወቀ ጠይቂውና እሱን አውጪ።