ልክክ ብሎ የገባው ገመድ ለምን ቀስ ብሎ ይሞላል?

ሰሞኑን ከደረሱኝ ጥያቄዎች ብዙዎቹ ስለ ታይፕ ሲ ገመድ ናቸው። ገመዱ ይገባል፣ የቻርጅ ምልክቱም ይበራል፣ ባትሪው ግን ፈቀቅ አይልም። ሰው ደግሞ ቶሎ የሚጠረጥረው ስልኩን ነው። ደህና ባትሪ እስከማስቀየር የደረሱም አሉ፤ ይህ በጣም ያሳዝነኛል። ስለዚህ ዛሬ ሌላውን ሁሉ ወደ ጎን ትቼ ይህንኑ ብቻ እመልሳለሁ፤ በቅድሚያ የጠያቂውን ቃል፣ ቀጥሎ የእኔን መልስ ያገኛሉ።

ከስልኬ ጋር የመጣው ገመድ ተበጠሰና አዲስ ገዛሁ። አንዱ ጫፍ ታይፕ ሲ፣ ሌላው ሰፊው የድሮ ዩኤስቢ ነው። ልክክ ብሎ ይገባል። ግን ድሮ በሁለት ሰዓት የሚሞላው ስልክ አሁን ሌሊቱን ሙሉ ይፈጃል። ቻርጀሩ ያው የድሮው ነው። ስልኬ ተበላሽቶ ይሆን?

ስልክዎ ደህና ይመስለኛል። ታይፕ ሲ የሚለው ስም የሚነግረን ስለ ጫፉ ቅርጽ ብቻ ነው። ከጎማው ውስጥ ስንት ሽቦ እንዳለና ሽቦው ምን ያህል እንደሚወፍር አይነግረንም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቻርጀር ያለውን ኃይል ሁሉ እንደተሰካ አይለቅም። መጀመሪያ የሚሰጠው 5 ቮልት ብቻ ነው። ስልኩ ደግሞ ከማን ጋር እንደተገናኘ እስኪያውቅ ድረስ ብዙ አይስብም፤ ምክንያቱም ከወዲያኛው ጫፍ ያለው ጠንካራ ቻርጀር ይሁን አቅም የሌለው የኮምፒውተር ቀዳዳ አያውቅም። ስለዚህ ሁለቱ በቅድሚያ ይነጋገራሉ። እንደ እርስዎ ባለ ገመድ ይህ ንግግር በአብዛኛው የሚያልፈው ፎቶና ፋይል በሚያልፍባቸው በሁለቱ የዳታ ሽቦዎች ነው። ሙሉ ገመድ አራት ሽቦ አለው፦ ሁለት ለኃይል፣ ሁለት ለዳታ። አንዳንድ ርካሽ ገመድ ግን ወጪ ለመቀነስ ሲባል የዳታዎቹን ይተዋቸዋል። ያኔ ስልኩ የቻርጀሩን ድምፅ አይሰማም። ጉዳት እንዳይደርስ በትንሹ፣ በ0.5 አምፒር ይወሰናል።

እስቲ እናስላው። 5 ቮልት በ0.5 አምፒር 2.5 ዋት ነው። ዛሬ የተለመደው 5000 ሚሊአምፒር ሰዓት ባትሪ የሚይዘው ኃይል ወደ 19 ዋት ሰዓት ይጠጋል። 19ን ለ2.5 ሲያካፍሉት ሰባት ሰዓት ተኩል ያልፋል። በሙቀት የሚባክነውን ሲጨምሩበት ስምንትና ዘጠኝ ሰዓት ይሆናል። ሌሊቱን ሙሉ ያሉት ማለት ነው።

ለማረጋገጥ ገመዱን ከኮምፒውተር ጋር ያገናኙት። ስልኩን ከፍተው ከሚመጣው ዝርዝር ላይ File transfer የሚለውን ይምረጡ። ምርጫው ጭራሽ ካልመጣ፣ ኮምፒውተሩም ስልኩን ካላየው፣ ግን ስልኩ ቻርጅ እያደረገ ከሆነ፣ የዳታ ሽቦ የለውም ማለት ይቻላል። ስልኩን ካየው ደግሞ ሌላ ነገር ይጠርጥሩ፦ አንዳንድ ስልክ ሠሪዎች የራሳቸው የፈጣን ቻርጅ ቋንቋ አላቸው፤ ያ ቋንቋ ለእሱ ተብሎ የተሠራውን ገመድ ይፈልጋል። በሌላ ገመድ ስልኩ ይሞላል፣ ግን በተራ ፍጥነት ነው።

ቻርጀሬ ሁለት ቀዳዳ አለው፤ ሰፊው ዩኤስቢና ትንሹ ታይፕ ሲ። ከትንሹ ቀዳዳ በሁለቱም በኩል ታይፕ ሲ በሆነ ገመድ ሳገናኘው በፍጥነት ይሞላል። በሌላው ገመድ ከሰፊው ሳገናኘው ይንቀራፈፋል። ስልኬ ላይ የሚገባው ጫፍ ግን አንድ ዓይነት ነው።

ስልኩ ላይ የሚገባው ጫፍ አንድ ቢሆንም ወዲያኛው ጫፍ ይለያል። ፓወር ዴሊቨሪ የሚባለው ፈጣን ቻርጅ የሚነጋገረው በዳታ ሽቦ አይደለም። ሲሲ በሚባል ለብቻው በተሠራ አንድ ቀጭን ሽቦ ነው። ቻርጀሩ በዚያ ሽቦ «5 ቮልት አለኝ፣ 9 ቮልትም አለኝ» ይላል፤ ስልኩም ይመርጣል። ሰፊው የድሮ ጫፍ ግን ለዚህ ሽቦ ቦታ የለውም። ስለዚህ በሰፊው ቀዳዳ ፓወር ዴሊቨሪ አያልፍም። ገመዱ የቱንም ያህል ውድ ቢሆን ይህ አይቀየርም።

ታዲያ ከሰፊ ወደ ታይፕ ሲ በሚሄድ ገመድ ሲሲ ምን ይላል? ገመዱ ውስጥ የኤሌክትሪክ ፍሰትን የምትገድብ፣ 56 ኪሎ ኦም የሆነች ትንሽ ሬዚስተር አለች። እሷ ለስልኩ የምትለው «ተራውን ብቻ ውሰድ» ነው። ይህች ሬዚስተር ትልቅ ቁም ነገር አላት። እ.ኤ.አ. በ2015 የጉግል መሐንዲስ የነበረው ቤንሰን ሊውንግ በገበያ ላይ ያሉ ገመዶችን እየገዛ ሲፈትሽ ብዙዎቹ በቦታዋ 10 ኪሎ ኦም እንዳስገቡ አገኘ። ይህ ለስልኩ «3 አምፒር ውሰድ» ብሎ የመዋሸት ያህል ነው። አቅሙ ያልፈቀደ ቻርጀር ወይም የኮምፒውተር ቀዳዳ በዚህ ሊጎዳ ይችላል። ስለዚህ እዚህ ላይ ቀርፋፋው ገመድ ሥራውን በትክክል የሚሠራው ሊሆን ይችላል።

አልጋዬ ላይ ሆኜ እንድጠቀም ሁለት ሜትር ገመድ ገዛሁ። ዳታም ያስተላልፋል። ከአጭሩ ጋር ሳወዳድረው ግን ከእጥፍ በላይ ጊዜ ይወስዳል። ቻርጀሬ የቆየ ነው፤ 5 ቮልት 2 አምፒር ይላል። ርዝመት ይህን ያህል ለውጥ ያመጣል?

ርዝመትና ቅጥነት ሲገናኙ ያመጣሉ። ይህ ከሁሉም ይልቅ ሰው የማይጠረጥረው ነገር ስለሆነ ትንሽ ዘለግ አድርጌ ላስረዳ።

መዳብ ኤሌክትሪክ ቢያሳልፍም በነፃ አያሳልፍም፤ በመንገድ ላይ ቮልት ይበላል። በርካሽ ገመድ ውስጥ ያለው ፀጉር የመሰለ የኃይል ሽቦ በአንድ ሜትር 0.2 ኦም ገደማ መቋቋም ይኖረዋል። የእርስዎ ገመድ ሁለት ሜትር ነው፤ ግን ኤሌክትሪኩ ሄዶ ይመለሳል። ስለዚህ የሚጓዘው አራት ሜትር ነው፤ ድምሩ 0.8 ኦም።

አሁን ስልኩ 2 አምፒር ልሳብ ቢል 1.6 ቮልት መንገድ ላይ ይቀራል። ከ5 ቮልት ስልኩ ጋ የሚደርሰው 3.4 ብቻ ነው። የስልክ ባትሪ ሊሞላ ሲል 4.4 ቮልት ገደማ ይደርሳል፤ በ3.4 ቮልት ሊሞላ አይችልም። ውኃ ወደ ላይ እንደማይፈስ ሁሉ ማለት ነው። ስልኩ ይህን ያውቃል። የሚደርሰው ቮልት ሲወርድበት የሚስበውን ይቀንሳል፤ ቮልቱ ቀና እስኪል ድረስ። 0.7 አምፒር ላይ ሲደርስ የሚባክነው 0.56 ይሆናል፣ ስልኩም 4.44 ቮልት ያገኛል። እዚያ ላይ ይረጋል። ይህ 3 ዋት ገደማ ነው።

በአንጻሩ የኃይል ሽቦው ወፍራም ሆኖ በሜትር 0.05 ኦም ቢሆን፣ ያው ሁለት ሜትር ገመድ 2 አምፒር ሲያሳልፍ የሚበላው 0.4 ቮልት ብቻ ነው። ስልኩ 4.6 ቮልት ያገኛል፤ 9 ዋት ይጠጋል። ርዝመቱ ሳይቀየር ፍጥነቱ ሦስት እጥፍ ሆነ ማለት ነው። የውጪው ጎማ ውፍረት ግን አያታልልዎት፤ ወፍራም ጎማ ውስጥ ቀጭን መዳብ በቀላሉ ይደበቃል። በጨርቅ የተጠቀለለውም እንደዚያው ነው።

ረጅሙን ገመድ ከወደዱት ቻርጀሩን መቀየር ሊያድንዎ ይችላል፤ ስልክዎ የሚቀበል ከሆነ። 9 ቮልት በሚሰጥ ቻርጀር 10 ዋት ለማሳለፍ የሚያስፈልገው 1.1 አምፒር ብቻ ነው። ያ ቀጭን ሽቦ 0.9 ቮልት ቢበላ እንኳ ስልኩ ጋ 8.1 ይደርሳል፤ ስልኩ ራሱ ዝቅ አድርጎ ይጠቀምበታል። ፈጣን ቻርጅ አምፒር ከመጨመር ይልቅ ቮልት ከፍ የሚያደርግበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

ስልኬ 45 ዋት ይቀበላል፤ ቻርጀሬም 45 ዋት ነው። ገመዱ በሁለቱም በኩል ታይፕ ሲ ነው፣ 60 ዋት ያሳልፋል ይላል። ስልኩ ግን ከፍተኛውን ፍጥነት አያሳይም። 60 ከ45 አይበልጥም እንዴ?

ይበልጣል፤ ግን ዋት ማለት ቮልት ሲባዛ በአምፒር ነው። ገመድ የሚወሰነው በአምፒር ነው። የ60 ዋቱ ገመድ የሚፈቅደው 3 አምፒር ነው፤ 60 የሚሞላው 20 ቮልት ሲያልፍበት ብቻ ነው፤ ያ ደግሞ ለላፕቶፕ ነው። 45 ዋት የሚቀበሉ አንዳንድ ስልኮች ወደ 10 ቮልት ገደማ በ4.5 አምፒር መሳብ ይፈልጋሉ። በ3 አምፒር ገመድ የሚያገኙት ከ30 ዋት አይበልጥም።

ከ3 አምፒር በላይ ለማሳለፍ የተፈቀደለት ገመድ ጫፉ ውስጥ ትንሽ ቺፕ አለው። ቻርጀሩ ቺፑን «ስንት ትችላለህ?» ብሎ ይጠይቀዋል፤ «5 አምፒር» የሚል መልስ ካላገኘ ከ3 አያልፍም። ሽቦው ወፍራም ቢሆን እንኳ ቺፕ ከሌለው አይታመንም። ስለዚህ ሲገዙ 5 አምፒር ወይም 100 ዋት ወይም 240 ዋት የሚል ይፈልጉ።

240 ዋት የሚል ገመድ ለ18 ዋት ስልክ ብጠቀም ስልኬን ያቃጥለዋል?

አያቃጥለውም። ቁጥሩ የገመዱ አቅም ነው፤ ገመድ ኃይል አይገፋም። የሚስበው ስልኩ ነው፤ ከ18 ዋቱም አያልፍም። ግን ፈጣንም አያደርገውም።

መለኪያ መሣሪያ የለኝም። ጥፋቱ የገመዱ ይሁን የቻርጀሩ ወይስ የስልኩ እንዴት ልለይ?

አንድ ጊዜ ላይ አንድ ነገር ብቻ ይቀይሩ። ባትሪው 20 ወይም 30 በመቶ አካባቢ ሲሆን ይጀምሩ፤ ከ80 በላይ ሲሆን ስልኩ ራሱ ባትሪውን ለመጠበቅ ፍጥነት ስለሚቀንስ ሙከራው ያሳስታል። ስክሪኑን አጥፍተው ለ15 ደቂቃ ይሰኩትና ስንት በመቶ እንደጨመረ ይጻፉ። ከዚያ ቻርጀሩንና ስልኩን ሳይነኩ ገመዱን ብቻ ቀይረው፣ ባትሪውን ወደዚያው በመቶ አውርደው ይድገሙት። በ5000 ባትሪ 3 በመቶ ገደማ ብቻ ከጨመረ በ0.5 አምፒር ላይ ተወስኗል። 10 ዋት ላይ 10 በመቶ ያልፋል። 25 ዋት ላይ ሩብ ያህል ይሞላል።

ብዙ አንድሮይድ ስልኮች ሲሰኩ Charging slowly ወይም Charging rapidly የሚል ጽሑፍ ስክሪኑ ላይ ያሳያሉ፤ እሱንም ይመልከቱ። ሌላም አለ፦ ጫፉን አዙረው ይሰኩት። በአንዱ በኩል ብቻ ደህና የሚሠራ ከሆነ ገመዱን ወዲያው አይጣሉት። ገመዱ ውስጥ ያለው የሲሲ ሽቦ አንድ ነው፤ ስልኩ ላይ ግን ለሁለቱም አቅጣጫ ሁለት የሲሲ ነጥቦች አሉ። አንዱ በአቧራ ተሸፍኖ ሊሆን ይችላል። ስልኩን አጥፍተው በደረቅ የእንጨት ስንጥር በቀስታ ያጽዱትና እንደገና ይሞክሩት።