የኤክሴል 45292 እና ጨርሶ ያልነበረችው ፌብሩዋሪ 29

«መሐል ሜዳ ላይ የበግ አርቢዎች ማኅበር ሒሳብ እይዛለሁ። ከሽያጭ ሲስተሙ የማወርደው የኤክሴል ፋይል ቀኑን 45292 እያለ በቁጥር ያመጣዋል። ጃንዋሪ 1 ቀን 1900 በእኛ ታኅሣሥ 23 ቀን 1892 ስለሆነ ቁጥሩን እሱ ላይ ደምሬ ስቀይር ታኅሣሥ 24 ቀን 2016 ይሰጠኛል። ደረሰኙ ግን ታኅሣሥ 22 ይላል። የት ጋ ነው የሳትኩት?»

ድምሩ ልክ ነው፤ የተሳሳተው መነሻው ነው። መደመር ያለብዎት ታኅሣሥ 21 ቀን 1892 ላይ ነው። ሁለቱ ትርፍ ቀኖች የመጡት ከየቅል ምክንያት ነው።

አንደኛዋ ቀላል ናት። ኤክሴል ጃንዋሪ 1 ቀን 1900ን 1 ብሎ ነው የሚጠራው እንጂ ዜሮ ብሎ አይደለም። ስለዚህ ቁጥሩን በዚያው ቀን ላይ ሲደምሩ ቀኗ ሁለት ጊዜ ትቆጠራለች።

ሁለተኛዋን በዓይንዎ ማየት ይችላሉ። ባዶ ሴል ላይ 60 ይጻፉና ወደ ቀን ይቀይሩት፤ ኤክሴል ፌብሩዋሪ 29 ቀን 1900 ይልዎታል። እንዲህ ያለ ቀን አልነበረም። ፈረንጆች በየአራት ዓመቱ ፌብሩዋሪን 29 ቢያደርጉም መቶኛው ዓመት ለ400 ካልተካፈለ ይዘሉታል፤ 2000 ሲያገኛት 1900 አላገኛትም። በፈረንጅ 1983 የወጣው የሠንጠረዥ ፕሮግራም ሎተስ 1-2-3 ግን 1900ንም እንደማንኛውም አራተኛ ዓመት ቆጠረው። ማይክሮሶፍትም የሎተስ ፋይሎች ቁጥራቸው ሳይዛባ እንዲከፈቱ ብሎ ስህተቱን እያወቀ ወረሰው። ዛሬ ይታረም ቢባል ስንት ዓመት የተጠራቀመ ፋይል ቀኑ ይንሸራተታል፤ ባይነኩት ይሻላል ባይ ነኝ። ሊብሬ ኦፊስና ጉግል ሺትስ መነሻውን በፈረንጅ ዲሴምበር 30 ቀን 1899 ስላደረጉት 60ን ፌብሩዋሪ 28 ይሉታል፤ ከ61 ጀምሮ ግን ሁሉም ይስማማሉ።

የእኛ አቆጣጠር በአራት ዓመት አንዴ ጳጉሜን 6 ከማድረግ ዝንፍ ስለማይል ማረጋገጫው ቀላል ነው። ከዮሐንስ እስከ ሉቃስ 1461 ቀን ነው።

```
=INT(45292/1461)
=MOD(45292,1461)
```

የመጀመሪያው 31 ይሰጣል፤ 31 ጊዜ አራት 124 ዓመት ነው። ከታኅሣሥ 21 ቀን 1892 ተነስተው 124 ዓመት ሲሄዱ ታኅሣሥ 21 ቀን 2016 ላይ ያርፋሉ። ሁለተኛው የሚሰጠው ትርፍ 1 ነው፤ ሲጨምሩት የደረሰኙ ታኅሣሥ 22 ይመጣል። ይህ መነሻ ከ61 በታች ላሉ ቁጥሮች አይሠራም፤ የሽያጭ መዝገብ ግን እዚያ አይደርስም።

ልዩነቱ ሁለት ቀን ሳይሆን አራት ዓመት ከአንድ ቀን የሆነ ፋይል ከገጠመዎ ነገሩ ሌላ ነው። የድሮ የማክ ኤክሴል ከጃንዋሪ 1 ቀን 1904 ነበር የሚነሳው፣ ያውም ከዜሮ። እዚያ ፋይል ውስጥ የእርስዎ ቀን 43830 ሆኖ ነው የሚገኘው። ፋይሉን ከፍተው በ`File > Options > Advanced` ውስጥ `Use 1904 date system` ላይ ምልክት ካለ፣ ቁጥሩ ላይ 1462 ደምረው ከዚያ እንደ ሌላው ይቀይሩት። ምልክቱን ዝም ብለው እንዳያጠፉት፤ ፋይሉ ውስጥ ያሉት ቀኖች በሙሉ ወደ ኋላ ይሄዱብዎታል።